የአንዲት ቁጥር ሊቃውንት

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ማኪያቶ ይዘው የዓለምን ገበያ የሚተነትኑልን ሊቃውንት ዕድሜ ይስጣቸው። የኩባንያ ሒሳብ በማገላበጥ ራሳቸውን አያደክሙም። ስልክ ያወጣሉ፣ የወርቅ ዋጋ ያያሉ፣ ፍርዱን ይሰጣሉ፦ "ወርቅ ጨምሯል። የወርቅ ማዕድን አክሲዮን የያዘ ሰው በቃ ከበረ!" የማኪያቶውን ሒሳብ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይከፍላል።

እንዲህ ያለ ጥበብ ይደነቃል። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት የገዛ ሰው ወርቅ ገዛ። አክሲዮን የገዛ ሰው ግን የገዛው ጉድጓድ፣ ናፍጣ፣ ደሞዝ፣ ዕዳና ሥራ አስኪያጅ ጭምር ነው። ለሊቃችን ይህ ተራ ዝርዝር ነው።

ጥቃቅን ነገር የሚወድ ሰው ግን ወረቀት አውጥቶ ያሰላል። ኩባንያው አንዱን አውንስ ወርቅ በ2,000 ዶላር ይሸጣል እንበል። ቆፍሮና አንጥሮ ለማውጣት 1,600 ዶላር ይፈጅበታል። የሚተርፈው 400 ነው። ወርቅ 10 በመቶ ቢጨምርና ወጪው ባይነቃነቅ ትርፉ 600 ይሆናል፣ ማለትም በግማሽ ያድጋል። ሊቃችን እዚህ ላይ ያጨበጭባል። ወርቅ 10 በመቶ ቢወርድ ግን ትርፉ ወደ 200 ያሽቆለቁላል፣ በግማሽ ይቀንሳል። ይባስ ብሎ ወርቁ ወደ 2,200 እየወጣ ሳለ ናፍጣ ቢወደድና ከድንጋዩ የሚገኘው ወርቅ ቢሳሳ፣ ወጪውም 1,900 ቢደርስስ? ያኔ ወርቅ ጨምሮ ትርፉ 300 ብቻ ነው።

ያኔ ባሪክ ጎልድ ይባል የነበረውን የካናዳ ኩባንያ እንይ። በቺሊና በአርጀንቲና ድንበር፣ በአንዲስ ተራራ አናት ላይ ፓስኩዋ ላማ የተባለ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ሊገነባ ተነሳ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወጪው 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው ተባለ። በ2012 መጨረሻ ግምቱ 8 ቢሊዮንን አለፈ። በዚያው ዓመት ወርቅ ከ5 በመቶ በላይ ጨመረ። የባሪክ አክሲዮን ግን ከአምስት አንድ እጁን አጣ። ገዢው ያየው የወርቁን ዋጋ ሳይሆን ተራራው የሚውጠውን ገንዘብ ነበር።

በ2013 ደግሞ ወርቅ ከሩብ በላይ ሲወርድ አክሲዮኑ በግማሽ ገደማ ወደቀ። በጥቅምት ኩባንያው ግንባታውን አቆመ። ከዚያ ዕዳ ለመቀነስ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ አዲስ አክሲዮን ሸጠ። ስለዚህ የድሮው ባለአክሲዮን ዳቦውን ከአዲስ እንግዶች ጋር ተካፈለ። ወርቁ አንድ ግራም አልጨመረም፣ የእሱ ድርሻ ግን ቀጠነ።

የወጪው ጭማሪ፣ ዕዳውም፣ የአዲሱ አክሲዮን ሽያጭም በኩባንያው መግለጫዎች ላይ በግልጽ ወጥቷል። መግለጫ ማንበብ ግን ዕውቀት ለጎደለው ሰው ነው።