አጭሩ ቪዲዮ ለረጅሙ ማስታወቂያ አይደለም

«ከእንግዲህ ረጅም ቪዲዮ ማን ያያል?» የሚለው ጥያቄ በደሴም በኮምቦልቻም ቪዲዮ ከሚሠሩ ወጣቶች አፍ አይጠፋም።

የሚያየው ሥራው እጁ ላይ ያለ ሰው ነው። ለምሳሌ ኮምቦልቻ ላይ የከባድ መኪና ጋራዥ ያለውን፣ ሙያውንም በዩቲዩብ የሚያስተምር መካኒክ እንውሰድ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርድ በመሆኑ፣ ሾፌሩ ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ የፍሬኑ ሸራ ግሎ የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ስለሚርቅ፣ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አልቆም ይላል። ይህን በ40 ሴኮንድ ማስረዳት ይቻላል። ክፍተቱን ለክቶ ፍሬኑን ማስተካከል ግን መኪናውን ከመደገፍ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የሚሠራ በመሆኑ፣ 15 ደቂቃ ቢፈጅም ቸግሮት የመጣ ተመልካች እያቆመና እየመለሰ ያየዋል።

ብዙዎች የሚያደርጉት ከረጅሙ ላይ አጓጊውን ቆርጠው፣ መልሱን ደብቀው፣ «ሙሉውን ቻናላችን ላይ ይመልከቱ» ማለት ነው። ተመልካቹ ግን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያልፈዋል፤ አይፈረድበትም። በእኔ እምነት አጭሩ አንድ ጥያቄ አንስቶ እዚያው መመለስ፣ ረጅሙም ከዚያ መልስ ቀጥሎ ከሚመጣው ጥያቄ መነሣት አለበት፤ «ፍሬኑ ለምን ይከዳል?» የአጭሩ፣ «ታዲያ እንዴት ላስተካክለው?» የረጅሙ ነው። ከአጭሩ የመጡት ሰዎች በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ጥለው ከወጡ፣ ረጅሙ ቀድሞ የተነገራቸውን እየደገመ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል።

ዩቲዩብ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በሾርትስ መግለጫና አስተያየት ውስጥ የሚጻፉ ሊንኮች ተጭነው እንዳይከፈቱ አድርጓል። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኘው YouTube Studio ውስጥ Related video በሚለው ቦታ ረጅሙን መምረጥ ነው።

ረጅሙም በተራው አጭሩን ይመግባል። የተመልካች ቆይታን በሚያሳየው ግራፍ ላይ መስመሩ ድንገት ከፍ የሚልበት ቦታ ሰዎች እየመለሱ ያዩት ነውና ቀጣዩ አጭር ቪዲዮ ከዚያ ይወጣል። ሆኖም በአግድም የተቀረጸን ምስል ወደ ቁመት ሲቆርጡት ከስፋቱ የሚተርፈው ሲሶው ያህል ብቻ ነው፤ ሸራው ሲታይ የመካኒኩ እጅ ከምስሉ ውጭ ይቀራል። ዋናውን እርምጃ እዚያው ጋራዡ ውስጥ ስልኩን በቁመት ይዞ በድጋሚ መቅረጽ በኋላ ከመቆራረጥ ይቀላል።

አጭሩ ጭራሽ የማይመረጥበት ጊዜም አለ። ጎማዎቹ ታኮ ሳይደረግላቸው፣ መኪናውም በሚገባ ሳይደገፍ ከሥሩ መግባት ለሕይወት ያሰጋል፤ ይህን ዝግጅት ለሰዓት ሲባል ቆርጦ ማስተካከሉን ብቻ የሚያሳይ የ40 ሴኮንድ ቪዲዮ፣ የቱንም ያህል ተመልካች ቢያመጣ፣ ባይሠራ ይሻላል።