ቃል የማይሰስተው አስተዋዋቂ

ሁለት ደቂቃ ተሰጥቶት አምስት ደቂቃ ከ25 ሰከንድ የሚያስተዋውቅ ሰው ቸር ነው። የሚቸረው የሌላ ሰው ሰዓት ቢሆንም ቸርነት ቸርነት ነው። በቅርቡ አንዱን አይቻለሁና ሳላመሰግነው አላልፍም።

ሲጀምር «እንግዳችንን ለእናንተ ማስተዋወቅ ለቀባሪ ማርዳት ነው» አለ። ከዚያ ማርዳቱን ቀጠለ።

በኋላ ጠጋ ብዬ ጠየቅኩት። «ቤት ተለማምጄው ሁለት ደቂቃ ነበር» አለኝ። አልዋሸም፤ በዓይኑ ነው ያነበበው። ዓይን ደግሞ አይተነፍስ፣ ምራቅ አይውጥ፣ ጭብጨባ አይጠብቅ!

ስስታም ሰው ቢሆን ኖሮ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አንድ ደቂቃ ያነብና የደረሰበትን ቃል ይቆጥር ነበር። ለእንግሊዝኛ የሚባለውን 130 እና 150 ቃል በደቂቃ አይበደርም። «ስላላስተዋወቅናቸው» የምንላት አንዲት ቃል በእንግሊዝኛ ግማሽ መስመር ትወስዳለቻ! እኔ ስስታሙ ስለካው የእሱ ፍጥነት በደቂቃ 90 ቃል ነው፤ በሁለት ሰከንድ ሦስት ቃል መሆኑ ነው። ከ120 ሰከንዱ ላይ ወደ ማይኩ መሄጃና ማስተካከያ 10፣ ለጭብጨባ 15 ይነሳ። 95 ሰከንድ ቀረ። 140 ቃል ይበቃዋል ማለት ነው።

የእሱ ወረቀት 408 ቃል ነበር። ያውም ኮምፒውተሩ እንደቆጠረው። ኮምፒውተር «1998 ዓ.ም.»ን ሁለት ቃል ይለዋል፤ አፍ ግን «አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት» ብሎ ስምንት ያደርገዋል። ቸሩ ሰውዬ እንዲህ ያሉ ሰባት ዓመታት ደርድሯል። 42 ቃል በምርቃት! በድምሩ 450 ቃል፣ አምስት ደቂቃ። ማይኩና ጭብጨባው ሲጨመሩ ያው 25 ሰከንዱ ሞላ።

ትልቁ ጥበብ ግን የእንግዳዋን ስም መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ነው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሰብሳቢው ሲያስለው ፍጥነት ጨመረ። ልደት፣ ትምህርት፣ ሽልማት፣ ሁሉም በቀስታ ተነግሮ ነበር፤ የሮጠው ስሙ ጋ ሲደርስ ነው። አጠገቤ ያሉት እናት «ማን አላቸው?» አሉኝ። ሽልማቶቻቸውን ሁሉ እንደማውቅ ነገርኳቸው።

ስስታም ቢሆን ስሙን ቀድሞ ይናገርና የሚቆረጥ ነገር ካለ መሃሉን ይቆርጥ ነበር። መሃል ላይ ያለ ሽልማት ቢቀር ማንም አይጠይቅማ።

እንግዳዋ 15 ደቂቃ ነበራቸው። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አስተዋዋቂያችን ከፊት ወንበር ተቀምጦ አንድ ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ለካ ሰዓት ተቆጣጣሪውም እሱ ነው። «ያሳጥሩ» ይላል ወረቀቱ። አንድ ቃል ብቻ።