ምስጋና ለተበላሸው ትራንስፎርመር

የሰውን ጆሮ ሳላደንቅ አላልፍም። ዛሬ «ተበላሽቷል፣ አሠሩት» ያለውን የጊታር ድምፅ ነገ ሱቅ ሄዶ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛዋል። በመሃል ድምፁ አልተለወጠም። ታዋቂ ሰው ነክቶታል፣ በቃ።

ናሽቪል፣ 1960። ማርቲ ሮቢንስ የተሰኘው የካንትሪ ዘፋኝ ቀስ ያለ የፍቅር ዘፈን እየቀረጸ ነው። ግሬዲ ማርቲን ስድስት ክር ባለው ቤዝ ጊታር ሶሎ ሊጫወት ገባ። የስቱዲዮው ድምፅ ማደባለቂያ ላይ አንዱ ትራንስፎርመር ተበላሽቶ ኖሮ፣ በዚያ መስመር ያለፈው ቤዝ እንደ ንብ መንጋ እየጮኸ ወጣ። ጨዋ ሰው «ይቅር፣ እንደገና እንቅረጽ» ይላል። እዚያም ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ ብልሽቱ እንዳለ ተተወ። ዘፈኑ በ1961 በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፣ በፖፑም ሦስተኛ ደረሰ።

የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ግን አስተዋይ ሰው ነበር። ሙዚቀኞች ያንን ድምፅ መጠየቅ ሲጀምሩ፣ ብልሽቱን በትራንዚስተር መልሶ ሠራው። ጊብሰን ኩባንያ ተቀበለውና በ1962 «ማይስትሮ ፋዝ ቶን» ብሎ ለገበያ አቀረበው፤ በእግር የሚረገጥ ትንሽ ሳጥን ነው። ማስታወቂያውም ያስደንቃል፦ ጊታራችሁን እንደ ትራምፔት፣ እንደ ቱባ፣ እንደ ቼሎ ያደርግላችኋል! ጊታርን እንደ ጊታር ማስጮህ ነውር ነበርና።

እዚህ ላይ የሸማቹን ጥበብ ተመልከቱ። ሳጥኑ ለዓመታት ብዙም ፈላጊ አልነበረውም። ጆሮ አለ፣ ሳጥኑ አለ፣ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው የለም። በ1965 የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪዝ ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» የተሰኘውን ዘፈን ዜማ በሳጥኑ የቀረጸው ለትራምፔትና ለሳክስፎን መንገድ ማሳያ እንዲሆን ብቻ ነበር፤ በኋላ በእውነተኛ መሣሪያ ሊተካው። ጓዶቹ ግን «እንዲህ ይውጣ» አሉ። ያ ዘፈን ዓለምን አዳረሰና፣ አቧራ ሲጠጣ የከረመው ሳጥን ከሱቅ አለቀ። አየህ፣ ድምፁ ጥሩ እንደነበር ሁሉም ድሮም ያውቅ ነበር!

ለምን እንደሚያምር ማብራራት ለአዋቂዎቻችን አያስፈልግም፤ ቢሆንም ልበል። አምፕሊፋየር አቅም አለው። ከአቅሙ በላይ የሆነ ድምፅ ሲገባበት የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠውና ክብ የነበረው ጠፍጣፋ ይሆናል። ያ ቆረጣ አዲስ ድምፆችን ይወልዳል። በሴኮንድ 110 ጊዜ የሚርገበገበውን ኤ የተባለ ኖታ ብትመታ፣ 220፣ 330፣ 440ም ጎልተው ይወጣሉ። ጫፉ ስለተቆረጠ ደግሞ ጮክ ያለውና እየደከመ ያለው እኩል ይሰማሉ፤ ስለዚህ ኖታው ቶሎ አይሞትም። ጊታር እንደ ቫዮሊን ድምፁን ይዞ የሚቆየው በዚህ ነው።

ሁለት ኖታ አብራችሁ ስትመቱ ደግሞ የሁለቱ ልዩነትም ድምፅ ይሆናል። ከ110ው ኤ ጋር 165 ገደማ የሆነውን ኢ ምቱ፤ ልዩነቱ 55 ነው፣ ማለትም ራሱ ኤ፣ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ማንም ያልተጫወተው ቤዝ ከየት መጣ ሳይባል ገባ! በኢ ፋንታ 139 አካባቢ ያለውን ሲ ሻርፕ ብትመቱ ግን ልዩነቱ 29 ገደማ ይሆናል፤ ከሁለቱም ጋር በቅጡ ስለማይገጥም ድምፁ ይደፈርሳል። የሮክ ጊታሪስት እንደ ሲ ሻርፕ ያለውን የመሃል ኖታ ዘልሎ እንደ ኤና ኢ ያሉትን ሁለቱን ብቻ የሚደበድበው ስንፍና ይዞት አይደለም። (አንዳንዱን ስንፍናም ይዞታል፤ ያም ቢሆን ያምርበታል።)

ለጥበባችን ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ፣ የኪንክስ ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ በ1964 የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ሰነጠቀው። ድሮ ስፒከር ሲቀደድ ይጣል ነበር፤ እሱ ሰነጠቀና ተደነቀ። ጎረቤታችሁ የሰነጠቀውን ግን «አሠራው» በሉት፣ ስም የለውም።

የተከበረውን ብልሽት ከተራው መለየት ለምትፈልጉ፣ ዘዴው ቀላል ነው። የጊታሩን ድምፅ መቀነሻ ወደ ታች አዙሩ። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ከሆነ ድምፁ ይጸዳል። ስፒከሩ ተቀዶ ከሆነ ግን በትንሹም ስትመቱት ይንጣጣል። ቢንጣጣም አትደንግጡ። ጥገና ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት፣ ታዋቂ ሰው አንድ ዘፈን እስኪቀርጽበት ጠብቁ።