«ያጠና አይፈራም» ያለው ማን ነው?

«ያጠና ተማሪ አይፈራም፤ የሚፈራው ያላጠናው ነው። ለትንፋሽ የምናባክነው ሰዓት የለንም፤ ለቱቶሪያል ይዋል።»

ይህ ንግግር ከኮዬ ፈጬ ወዲህ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ተጨበጨበለት። ተማሪዎች የፈተና ፍርሃትን በትንፋሽ ማብረድ የሚለማመዱበት፣ በሳምንት አንዴ የነበረው የ40 ደቂቃ የምክር ክፍለ ጊዜም በዚያው ተሰረዘ።

ያጠና ይፈራል። እንዲያውም ፍርሃት ብዙ የሚወስደው ብዙ ከያዘው ላይ ነው። አንዲት ተማሪ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን ስትፈታ ምን እንደምታደርግ እንይ። የ b ምልክት ነጋቲቭ መሆኑን ትይዛለች፣ ከስኩዌር ሩቱ ሥር ያለውን እየቀነሰች መጨረሻ ላይ ለ 2a እንደምታካፍልም አትረሳም። ይህ ሁሉ ለጊዜው የሚቀመጥበት የጭንቅላት ቦታ ጠባብ ነው። «ብወድቅስ? አባዬን ምን እለዋለሁ?» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ የሚቀመጠው ሌላ ክፍል ተከራይቶ አይደለም፤ እዚያው ይደረባል። ያኔ መጀመሪያ የሚወድቀው ያቺ ነጋቲቭ ምልክት ናት። ቀመሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ መልሱ ግን ተሳስቷል። ወላጅ ወረቀቱን ሲያይ «አላጠናሽም» ይላል፣ ርዕሰ መምህሩም ይስማማል።

ሲያን ባይሎክና ቶማስ ካር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሒሳብ ጥያቄ ፈትነውታል። ጫና ሲመጣ በከባድ ጥያቄዎች ላይ ውጤታቸው የወረደው ያ ቦታ ሰፊ የሆነላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ጠባብ የሆነባቸው ድሮም ብዙ ስለማይሸከሙ ያው በነበሩበት ቆዩ። እንግዲህ «የሚፈራው ያላጠናው ነው» ማለት ጎበዙን ልጅ ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው።

«ትንፋሽማ ማንም ይተነፍሳል» የሚለው ሹፈትም አለ። ማንም ይተነፍሳል፤ ፈተና ክፍል ውስጥ ግን አብዛኛው ተሳስቶ ይተነፍሳል። «በደንብ ተንፍሺ» የተባለች ልጅ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ አየሩን በትልቁ፣ ቶሎ ቶሎ ትስባለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ሲቀንስ ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ። ጣቶቿ ይነዝሯታል፣ ከንፈሯ ይደነዝዛል፣ ራሷን ያዞራታል። «ሊጥለኝ ነው» ብላ ትደነግጥና ይብስባታል። መነዘሩ አየር እንደበዛ ምልክት ነው፤ ትንፋሹ አነስ ይበል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። እርሳስ ይቀመጣል፣ አንድ እጅ እምብርት ላይ ያርፋል። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ በቀስታ ማስገባት፤ መነሳት ያለበት ሆድ እንጂ ትከሻ አይደለም። ከዚያ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርን ጠበብ አድርጎ እስከ 6 ማስወጣት። ቁም ነገሩ ያለው በማስወጣቱ ላይ ነው፤ ልብ ቀስ የምትለው አየር በሚወጣበት ጊዜ ነውና። በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል፤ ከፈተና በፊት 2 ደቂቃ፣ መሃል ላይ ጥያቄ ሲጠፋ ደግሞ 3 ትንፋሽ ይበቃል። እሱም ግማሽ ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ የጠፋውን ጥያቄ ምልክት አድርጎ ማለፍና የሚታወቅ አንድ ቀላል ጥያቄ መሥራት ነው እንጂ ከጠፋው ጋር መፋጠጥ አይደለም። ያን ጊዜ መልስ ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንዳይዛባ ማየት ያስፈልጋል፤ 14ን ዘልሎ የ15ን መልስ 14 ላይ ያጠቆረ ስንት አለ!

ልብ ግን ሙሉ በሙሉ ጸጥ እንድትል መጠበቅ ስህተት ነው። «ተረጋጊ፣ ተረጋጊ» እያሉ ራስን መጨቅጨቅም ሌላ ሥራ መጨመር ነው። የሚሻለው ለዚያው የልብ ምት ሌላ ስም መስጠት ነው፦ «ሰውነቴ ለሥራ ተነሳ።» ጄረሚ ጄሚሰንና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ የልብ መምታት ውጤትን ሊያግዝ እንደሚችል አስቀድሞ የተነገራቸው ተፈታኞች በሒሳቡ ክፍል የተሻለ ሠርተዋል። በፈተና ጠዋት ከለመዱት በላይ አንድ ሲኒ ቡና መጨመር ግን ይህን ሁሉ ያበላሻል፤ ቡናው ያመጣውን የልብ ምት ልጅቷ ፍርሃት ነው ብላ ትቆጥረዋለች።

ይህ ያልተነበበ ምዕራፍ አያስነብብም፤ እሺ። በፈተናው ዋዜማ ተነግሮም አይሠራም፤ እጅ እስኪለምደው ሳምንታት ይፈልጋል። የሚለመደውም እዚያው ቱቶሪያል ላይ ነው፦ ደብተር ተዘግቶ፣ ሰዓት ተይዞ፣ ከለመዱት ወንበር ተነስቶ ሌላ ክፍል ውስጥ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዶ የሚፈተን ልጅ ባዕድ ክፍልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በዚያ ጠዋት መሆን የለበትም። ከ40ው ደቂቃ 38ቱን ለጥያቄ ይውሰዱት፤ 2ቱን ይመልሱ።