ማስተካከያ፦ የአፍሪካ ኅብረትና ጣልቃ ገብነት

«የአፍሪካ ኅብረት መተዳደሪያ በአባል አገር ጉዳይ ጣልቃ መግባትን ሙሉ በሙሉ ይከለክላል።»

ባለፈው ጽሑፌ ያልኩት ይህ ስህተት ነው። አንቀጽ 4ን ሳነብ ፊደል «ሰ» ላይ ቆምኩ። የእንግሊዝኛው ቅጂ ፊደል ጂ ማለት ነው። እሱ አንድ አባል አገር በሌላው የውስጥ ጉዳይ እጁን እንዳያስገባ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው፣ ኤች፣ ግን ለራሱ ለኅብረቱ መብት ይሰጣል። የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋት ወይም በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር የመሪዎች ጉባኤ ወስኖ ጣልቃ መግባት ይቻላል። ይህን ያረጋገጥኩት ከመተዳደሪያው ጽሑፍ ነው። ሰነዱ በ2000 እ.ኤ.አ. ሎሜ ላይ ጸደቀ። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሕዝብን ከእንዲህ ያለ ወንጀል «የመጠበቅ ኃላፊነት»ን የተቀበለው በ2005 ነው፤ አፍሪካ ቀድማለች።

መብቱ አለ ማለት ግን ይሠራበታል ማለት አይደለም። ታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት 5,000 ወታደርና ፖሊስ ወደ ቡሩንዲ እንዲላክ ፈቀደ። ለመንግሥቷም የ96 ሰዓት ቀነ ገደብ ሰጠ፤ እሺ ካላለ በዚሁ አንቀጽ ጉዳዩን ለመሪዎቹ አቀርባለሁ አለ። ቡጁምቡራ እምቢ አለች። ፕሬዚዳንት ንኩሩንዚዛ የሚመጣው ጦር እንደ ወራሪ ይቆጠራል፣ እንዋጋዋለን አሉ። ጥር መጨረሻ መሪዎቹ አዲስ አበባ ተሰብስበው ጦሩን ተዉት። በምትኩ ለንግግር የሚሄድ ልዑክ ላኩ።

ስለዚህ «ኅብረቱ ዝም ያለው ሕጉ ስለከለከለው ነው» ያልኩት ድምዳሜም ይወድቃል። ሕጉ በሩን ከፍቶ ነበር፤ ያልገቡት መሪዎቹ ናቸው። የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አያይዙልኝ።