የሠርግ ካሴታችንን አታሳድጉብን

«ከዚህ ወር ጀምሮ የቆየ ካሴት ወደ ፋይል ገልብጠን የምናስረክበው በ4ኬ ብቻ ነው። ቴሌቪዥን ምስል ለማሳየት እንጂ ለማሳደግ አልተሠራም። ከርክክብ በኋላ ኦሪጅናሉን አናስቀምጥም።»

ከዚራ ውስጥ በአንድ ቪዲዮ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም። ድሬዳዋ ውስጥ ሐሳቡን የሚጋሩ ባለሙያዎች ጥቂት ስላልሆኑ ክርክሬ ከአንድ በር ጋር አይደለም፤ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ልጀምር፤ ከሁሉም የወረደው እሱ ነውና። የ4ኬ ቴሌቪዥን ስክሪን 3840 በ2160 ፒክስል አለው። በእኛ አገር ሠርግ ሲቀረጽበት የኖረው የሚኒ ዲቪ ካሴት ምስል ደግሞ 720 በ576 ነው። ሁለቱን አባዝቶ ያካፈለ ሰው ልዩነቱ ልክ ሃያ እጥፍ መሆኑን ያገኛል። ቴሌቪዥኑ ማሳደጊያ ባይኖረው ኖሮ ካሴቱ የስክሪኑን አንድ ሃያኛ ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጥና የቀረው ሁሉ ጥቁር ይሆን ነበር። በሪሲቨር የምናየው ዜናም ሆነ ኳስ 4ኬ እስካልሆነ ድረስ ስክሪኑን የሚሞላው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ባለው፣ ስኬለር በሚባለው ማሳደጊያ ተስፋፍቶ ነው። ያለ ስኬለር የሚሠራ የ4ኬ ቴሌቪዥን እዚሁ ድሬዳዋ በታይዋን ገበያም አይገኝም፣ በየትም አገር አይገኝም። «ለማሳደግ አልተሠራም» ብሎ በር ላይ የለጠፈ ባለሙያ በየቀኑ የሚያየውን ዕቃ አያውቀውም ማለት ነው።

እንግዲህ ምስሉ ማደጉ አይቀርም። ከሃያ ፒክስል አንዱ ከካሜራው የመጣ ነው፤ አሥራ ዘጠኙ በዙሪያው ካሉት ተሰልተው የሚሞሉ ግምቶች ናቸው። ቪዲዮ ቤቱ ቢያሳድገውም ግምት ነው፣ ቴሌቪዥኑ ቢያሳድገውም ግምት ነው። ልዩነቱ ግምቱ የት እንደሚቀመጥ ላይ ነው። የቴሌቪዥኑ ግምት ስክሪኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ፋይሉን አይነካውም፤ ነገ የተሻለ ቴሌቪዥን ቢገዛ የተሻለ ግምት ይመጣል። የቪዲዮ ቤቱ ግምት ግን ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ቴሌቪዥን የካሜራውን ፒክስል ከተሞላው ለይቶ ሊያወጣው አይችልም። የቀረበለት 4ኬ ስለሆነ እንደ እውነተኛ 4ኬ ይቀበለዋል፤ ለዝቅተኛ ጥራት ያዘጋጀውን ማጥሪያም እንደሚገባው አይሠራበትም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥቂቱ እታገሥ ነበር። የሚያናድደኝ ግን በማስታወቂያው ውስጥ ስሙ እንኳን ያልተነሳው ጉዳይ፣ የመስመሮቹ ነገር ነው።

የድሮው ካሜራ በሴኮንድ 25 ሙሉ ምስል አያነሳም። 50 ግማሽ ምስል ነው የሚያነሳው። በመጀመሪያው ቅጽበት ከ576ቱ መስመሮች አንዱን እየዘለለ ግማሹን ይይዛል፤ ከሃምሳኛ ሴኮንድ በኋላ ተመልሶ የተዘለሉትን ይይዛል። ኢንተርሌስድ የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ላይ አንድ ምስል መስሎ የሚታየው በእርግጥ ሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች መስመር በመስመር ተሰባጥረው የተቀመጡበት ነው። ለቆመ ሰው ችግር የለውም። እጁን ላወዛወዘ ሰው ግን አንዱ ቅጽበት እጁን እዚህ፣ ሌላው ትንሽ ራቅ አድርጎ ይዞታል። በድሮው የቱቦ ቴሌቪዥን ላይ ሁለቱ ተራ በተራ ስለሚወጡ ዓይን ለስላሳ እንቅስቃሴ ያያል። የዛሬው ቴሌቪዥን ደግሞ እንዲህ ያለ ምስል ሲመጣለት በመጀመሪያ ሁለቱን ቅጽበቶች ይለያል፣ የጎደለውን መስመር ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ያሳድጋል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መለየት ቀድሞ፣ ማሳደግ ቀጥሎ።

ብዙ ቪዲዮ ቤቶች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ 4ኬ፣ በሴኮንድ 25 ሙሉ ምስል ብለው አዲስ ሥራ ይከፍታሉ፤ የካሴቱን ፋይል ይጥሉበታል፤ ስክሪኑን እስኪሞላ ይለጥጡታል፤ ያወጡታል። ፕሮግራሙ ኢንተርሌስድ መሆኑን ካላወቀ 576ቱን መስመሮች እንደ አንድ ምስል ቆጥሮ ወደ 2160 ያሳድጋል። ሲያሳድግ ጎረቤት መስመሮችን ያቀላቅላል። ጎረቤት መስመሮቹ ደግሞ የሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች ናቸው! ከዚያ በኋላ መለየት ወተት ከገባበት ቡና ወተቱን መልሶ እንደማውጣት ነው።

የአንዲት ዘመዴን ሠርግ፣ ከካሴቱ እንደወረደ ያለውንና ቪዲዮ ቤት በ4ኬ ያወጣውን፣ ሁለቱን ፋይሎች አጠገብ ላጠገብ አድርጌ አይቻቸዋለሁ፤ በ1998 ዓ.ም. የተቀረጸ ነው። ኦሪጅናሉ የተረፈው የካሴቱ ባለቤት ቀድማ በፍላሽ ስለወሰደችው ብቻ ነው። ሴቶቹ ከበሮ የሚመቱበት ቦታ ላይ አቆምኩት። በኦሪጅናሉ የከበሮ መቺዋ እጅ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሆኑ ስስ መስመሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ጥርስ አንድ መስመር ብቻ ነው። በ`VLC` ማጫወቻ ላይ መስመሮቹን የሚለየውን የ`D` ቁልፍ ስጫን ጥርሶቹ ጠፉ፤ የጣቶቿ ጠርዝ ወጣ፤ ስለቀው እጇ ለስላሳ ሆኖ ይወርዳል። የ4ኬውን ፋይል እዚያው ቦታ ላይ አቆምኩት። ጥርሶቹ ወደ አምስት መስመር ገደማ ወፍረዋል፣ ጠርዛቸው ደብዝዟል፣ እጁ ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ከሌላው በስተኋላ እንደ ጥላ ይታያል። `D` ብጫን፣ ደግሜ ብጫን፣ ያው ነው። ቴሌቪዥን ላይ ስሰካውም ያው ነው። ፕሮግራሙም ቴሌቪዥኑም የሚፈልጉት ባለ አንድ መስመር ጥርስ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። ማንም ሰው ይህንን በራሱ ፋይል ላይ በአንድ ደቂቃ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ፈጣን እንቅስቃሴ ያለበት ቦታ ላይ ማቆም በቂ ነው።

በዚያው ፋይል ሌላም ነገር ነበረ። ካሴቱ የአራት ለሦስት ምስል ነው፤ የ4ኬ ስክሪን ደግሞ አሥራ ስድስት ለዘጠኝ። ጥቁር ጠርዝ እንዳይታይ ተብሎ ከላይና ከታች ተቆርጧል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የምስሉ ሩብ ሄዷል። ሙሽራዋ ቆማ ስትመረቅ ከጎኗ የቆሙት ረዥም አጎቷ ግንባራቸው የለም። የካሴቱ ባለቤት ይህንን ስታይ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

የሌላው ወገን ጠንካራ ክርክር የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ርካሽ ቴሌቪዥኖች መስመሮቹን በደንብ አይለዩም፤ አንዳንዶቹም በፍላሽ የተሰካላቸውን የዲቪ ፋይል ጨርሶ አይከፍቱም። ይህ እውነት ነው። ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው መለየቱን በኮምፒውተር መሥራት ነው እንጂ ማሳደግ አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ኮምፒውተር ጊዜ ወስዶ ቅጽበቶቹን ከቴሌቪዥኑ በተሻለ ሊለያቸው ይችላል፤ ጥሩ ባለሙያ ያለው ቪዲዮ ቤት ገንዘብ ሊያስከፍልበት የሚገባውም ይህ ነው። ውጤቱ በሴኮንድ 50 ሙሉ ምስል ሆኖ፣ በዚያው በ576 መስመር፣ የአራት ለሦስት ቅርጹን እንደያዘ ይውጣ። የቀረውን ስኬለሩ ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ ሃምሳውን ወደ ሃያ አምስት የሚቀንስ ሰው የእንቅስቃሴውን ግማሽ ይጥላል፤ እስክስታው የተቆራረጠ የሚመስለው ለዚህ ነው። የዲቪ ካሴት ደግሞ ከሁለቱ ግማሽ ምስሎች የታችኛው የሚባለውን፣ ከሁለተኛው መስመር የሚጀምረውን፣ የሚያስቀድም ስለሆነ ፕሮግራሙ የላይኛው ይቀድማል ብሎ ከተነሳ እንቅስቃሴው ወደፊት ሄዶ ወደኋላ እየተመለሰ ይንቀጠቀጣል። የሚንቀጠቀጥ ፋይል የተሰጠው ሰው ካሜራማኑን አይውቀስ፤ ስህተቱ ቅጂው ላይ ነው።

«ግን የኛው 4ኬ ጥርት ብሎ ይታያል» የሚሉም አሉ። ጥርት ያለ የሚመስለው ሲያሳድጉት ጠርዙን ስላሳሉት ነው። ቴሌቪዥኑም በፋብሪካ ቅንብሩ `Sharpness` የሚለውን ከፍ አድርጎ ስለሚመጣ ደግሞ ይስለዋል። የተሳለ ሲሳል በነጭ ቀሚስ ዙሪያ ነጭና ጥቁር ክር ይወጣል። ቀሚሱን ትታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ። የቴሌቪዥኑን በሪሞት መቀነስ ይቻላል፤ የፋይሉን ማን ይቀንሰዋል?

ኦሪጅናሉን አናስቀምጥም ወደሚለው ስመጣ ትዕግሥቴ ያልቃል። ካሴት በዚህች ከተማ ሙቀት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ የሚያጫውቱት ካሜራዎችም እያለቁ ነው። ምናልባት ያ ካሴት ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው እናንተ ስትገለብጡት ነው። በዚያች ዕለት ከካሴቱ የወጣውን ፋይል ሰርዞ የተቀላቀለውን፣ የተቆረጠውንና የተሳለውን ብቻ ማስረከብ የሰውን ንብረት ማጥፋት ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ቦታ ይይዛል የሚለውን ሰበብም አልቀበለውም። የዲቪ ፋይል በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ነው። በሴኮንድ 40 ሜጋቢት የሚወጣ የ4ኬ ፋይል 18 ጊጋባይት ይሆናል። ቦታ የሚበላው ያደገው ነው፤ ለዚያውም ካሜራው ያላየውን ተሸክሞ።

ስለዚህ ካሴት ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች፣ ሁለት ፋይል ጠይቁ። አንደኛው ከካሴቱ እንደወረደ ያልተነካው የዲቪ ፋይል ነው። ሁለተኛው ለማየት የሚሆን፣ መስመሩ የተለየ፣ በ576 እና በሴኮንድ 50 ምስል የወጣ ቅጂ ነው። የሁለት ሰዓት ሠርግ ያልተነካው 26 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል፤ ለማየት የሚሆነው ቅጂ በሴኮንድ 8 ሜጋቢት ከወጣ 7 ጊጋባይት ገደማ ነው። ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ሁለቱንም ይይዛል። ፍላሹ ግን በ`exFAT` ፎርማት ይደረግ፤ `FAT32` ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልምና «ለዚህ ነው የቆራረጥነው» የሚል ሌላ ምክንያት ይዘው ይመጡባችኋል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ኮምፒውተራቸው ላይ ከበሮው የሚመታበትን ቦታ አስቁማችሁ እጁን እዩ።