ግሱን የሚጠብቀው አስተርጓሚ

«አጎቴ ሜሪላንድ ውስጥ በሚደረግ የጎንደር ተወላጆች ስብሰባ ላይ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋብዘዋል። ከታዳሚው ግማሹ አማርኛ አይሰማም፤ አንድ ወጣት አጠገባቸው ቆሞ ወደ እንግሊዝኛ ይመልስላቸዋል። ንግግሩን እንዴት ብንጽፈው ይሻላል?»

ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሩትና ግሱ ላይ ዝጉት። አጎትዎ ግሱን ከተናገሩ በኋላ ዝም ይበሉ፤ ወጣቱ ሲጨርስ ይቀጥሉ። ጎንደር ውስጥ ለዓመታት አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ ከአንደበተ ርቱዕ አባቶች ጎን ቆሜ ብዙ ተርጉሜያለሁ። ያስቸገረኝ የቃላቱ ክብደት አልነበረም፤ ግሱን መጠበቅ ነበር።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱ እንደተጠራ ወዲያው ግሱን ይሻል። ተናጋሪው «እናንተ የላካችኋቸው መጻሕፍት፣ ባለፈው ክረምት ጎርፍ ከገባበት መጋዘን ወጥተው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ...» ሲሉ አስተርጓሚው ገና አፉን መክፈት አይችልም። መጻሕፍቱ ደረሱ ወይስ ቀሩ? የሚለየው የመጨረሻው ቃል ነው። «ተወስደዋል» ወይም «አልተወሰዱም» ሊሆን ይችላል። ማፍረሻዋ ከዚያው ከጫፉ ቃል ላይ የተለጠፈች ናት፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ደግሞ ትንፋሹ የሚያጥረውና ድምፁ የሚወርደው ልክ እዚያ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ በውጭ አገር አዳራሽ ውስጥ ይህ ሲደርስ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ አባት ስለተጀመረ የጤና ጣቢያ ግንባታ ሲናገሩ በአንድ ትንፋሽ ብዙ ከተጓዙ በኋላ «ገና አላለቀም» ብለው ዘጉ። አስተርጓሚዋ ልጅ ወደ ኋላ እንዳትቀር ፈርታ ቀድማ ጀምራ ነበርና «ተጠናቅቋል» የሚል ትርጉም ሰጠች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አባት ለምን እንደተጨበጨበላቸው ግራ ገብቷቸው ቆሙ። እርዳታ ሊጠይቁ የመጡ ሰው ምስጋና ተቀብለው ወረዱ። ልጅቱን ማንም ሊወቅሳት አይገባም፤ ጥፋቱ ከዓረፍተ ነገሩ ነበር።

የእኛ የጎንደር ሰዎች «መጥተው፣ አይተው፣ ተማክረው፣ ተስማምተው» እያልን ነገር መቀጠል እንወዳለን። ለአማርኛ ጆሮ ደስ ይላል። ለአስተርጓሚው ግን እያንዳንዱ «ው» ያልተዘጋ በር ነው፤ ሁሉንም በአእምሮው ይዞ የመጨረሻውን ግስ ይጠብቃል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንሥራ። አጎትዎ እንዲህ ጽፈዋል እንበል፦

«በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውንና አያቶቻችን ጠብቀው ያቆዩልንን የፋሲል ግንብ ለማየት ጥር 11 ቀን ለጥምቀት ከየአገሩ የሚመጡትን እንግዶች የሚቀበሉት የከተማችን ወጣቶች እናንተም አንድ ቀን መጥታችሁ ከጎናቸው እንድትቆሙ ይመኛሉ።»

ባለቤቱ «ወጣቶች» ነው፤ የምንሰማው ግን ዓረፍተ ነገሩ ግማሹን ከተጓዘ በኋላ ነው። ማሰሪያው «ይመኛሉ» ሲሆን እሱም የመጨረሻው ቃል ነው። አስተርጓሚው ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መፍታት ይኖርበታል። እኔ እንዲህ እቆርጠው ነበር፤ በየአራት ነጥቡ ላይ ዝምታ አለ፦

«በጎንደር የፋሲል ግንብ አለ።
ግንቡን አያቶቻችን ጠብቀው አቆዩልን።
በፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 የዓለም ቅርስ ሆነ።
በጥምቀት ብዙ እንግዶች ግንቡን ሊያዩ ይመጣሉ።
እንግዶቹን ወጣቶቻችን ይቀበሏቸዋል።
እነዚህ ወጣቶች አንድ ምኞት አላቸው።
እናንተም እንድትመጡ ይመኛሉ።»

ሐሳቡ ሙሉ ነው። ስሞቹን ሆን ብዬ ደጋግሜአለሁ። በአማርኛ «ይቀበሏቸዋል» ብንል ማን ማንን እንደሚቀበል ከዐውዱ ይገባናል፤ እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ለይቶ መጥራት አለበት፤ ስሙ ከሌለ አስተርጓሚው ይገምታል።

ዓመተ ምሕረቱንም ቀይሬዋለሁ። ግንቡ የተመዘገበው በእኛ ጥቅምት 1972፣ በእነርሱ 1979 ነው። እየሰማና እየተናገረ ያለ ሰው መሐል ላይ ሰባት ዓመት ሊደምር አይችልም፤ የሰማውን ቁጥር እንዳለ ያስተላልፋል። ጥር 11 ብንልም የሚሰሙት የራሳቸውን የወር 11ኛ ቀን ነው፤ ጥምቀት ግን በእነርሱ ጃንዋሪ 19፣ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ 20 ላይ ይውላል። «ጠዋት ሦስት ሰዓት» የሚለው ለእነርሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ ተናጋሪው ቤቱ ሆኖ አስልቶ ይጨርስ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አጭር ማለት የተቆራረጠ ማለት አይደለም። «የከተማችን ወጣቶች» ብሎ ዝም የሚል ተናጋሪ ረጅም ከሚናገረው የባሰ ነው፤ አስተርጓሚው በእጁ ስም ብቻ ይዞ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። ማረፊያው ሁልጊዜ ግሱ ነው።

«እንዲህ ከተቆረጠማ የጎንደር ንግግር ለዛው ምን ሊሆን ነው?» የሚሉኝ አሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ አንድ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜማል። ማንም ሰው ለአዝማሪ አንድ ገጽ ሙሉ ሰጥቶ «ተቀበል» አይለውም። የሚሰጠው የሚያዝ ነገር ነው፤ ከዚያም ዝም ብሎ ይጠብቃል። ለዛው የሚያምረው በዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው። አስተርጓሚውም ተቀባይ ነው፤ ተናጋሪው ስንኝ ሰጪ ይሁንለት።

ቅኔን በተመለከተ ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ሰምና ወርቅ በቆመበት አይተረጎምም። ወርቁ የተደበቀው በአማርኛው ቃል ድምፅ ውስጥ ስለሆነ ቃሉ ሲለወጥ ይጠፋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ግን ያልፋል፤ ድሩም አንበሳውም በየትኛውም ቋንቋ ይታያሉ። አጎትዎ ቅኔ ካላቸው አንድ ብቻ ይበሉ፤ ፍቺውን ለወጣቱ ቀደም ብለው በጽሑፍ ይስጡት፤ እሱም ፍቺውን ብቻ ይናገር።

ስለ ጊዜው፦ የተሰጣቸው 10 ደቂቃ ከሆነ የራሳቸው ድርሻ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፤ እንዲያውም ያንሳል። «አልነገርኳቸውም» የምንለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ነው። እኔ ብሆን ከ350 ቃል በላይ አልጽፍም።

ወረቀቱ በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ መስመር አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይታተም። ቅጂው ከነስሞቹ ቀደም ብሎ ለወጣቱ ይላክለት፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሰለ ስም እንዳለ እንዲጠራው እንጂ ቆሞ እንዳይተረጉመው ንገሩት። ከዚያ ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ሞክሩት። አጎትዎ ያንብቡ፤ ከቤተሰቡ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ወረቀቱን ሳያይ ይመልስ። ልጁ «ምን አሉ?» ብሎ የጠየቀበትን መስመር ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ማታ ተቀምጣችሁ ለሁለት የምትከፍሉት እሱን ነው።